በአንድ ሰኞ የገቡ ሁለት ጾሞች፦ የረመዷን ጨረቃ ቀን የምታለያየው ለምንድን ነው?

እሑድ መጋቢት 1 ቀን 2016 ዓ.ም. ማታ ቡላኦስ ነበርኩ። ከካምፕ ለወረቀት ጉዳይ ወደ ጅቡቲ ከተማ ወርጄ፣ የኮምቦልቻ ልጆች ተከራይተው በሚኖሩበት ግቢ አርፌ ነበር። ፀሐይ በባልባላ በኩል ስትጠልቅ ልጆቹ ጣራ ላይ ወጥተው ወደ ምዕራብ ማየት ጀመሩ። ጨረቃ ፍለጋ ነው። ከባልባላ በላይ ያለው ሰማይ በአቧራና በሙቀት ጭጋግ ግራጫ ሆኖ ነበርና ማንም ምንም አላየም።

ትንሽ ቆይቶ ስልኮች መጮህ ጀመሩ። ሳዑዲ ጨረቃ ታየች ብላ አወጀች፣ ረመዷን ነገ ሰኞ ነው ተባለ። ከኮምቦልቻም ተደወለ፤ እነሱም ሰኞ። ቀጥሎ ግን የቤቱ እናት ልጅ ከሙስካት ደወለች። ኦማን ቤት ሠራተኛ ናት። «እማ፣ እዚህ ጨረቃ አልታየችም ተብሏል፣ የምንጾመው ማክሰኞ ነው» አለቻት። እናትዬው ስልኩን ዘግታ ወደ እኔ ዞረች፤ «መምህር፣ አንተ ተምረሃል። ሰማዩ አንድ፣ ጨረቃዋ አንድ። ታዲያ የልጄ አንድ ቀን ተበላባት ማለት ነው ወይስ እኛ ነን የቸኮልነው?»

እኔ ክርስቲያን ነኝ። በዚያች ማታ የእኔም ጾም ነገ ይገባ ነበር። በ2016 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና ረመዷን የገቡት በአንድ ቀን፣ ሰኞ መጋቢት 2 ነው። እኔ የሁዳዴዬን ቀን ከብዙ ጊዜ በፊት አውቀዋለሁ፤ እነሱ ግን የነገውን ጾማቸውን ያወቁት ከመሸ በኋላ ነው። ለምን እንደዚህ እንደሆነ ለእናትዬዋ ያን ማታ በደንብ ማስረዳት አልቻልኩም። ከዚያ በኋላ ካምፓችን ያሉትን ሼኽ ጠየቅሁ፣ ያገኘሁትን አነበብኩ፣ ለተማሪዎቼም በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሠራሁት። እነሆ ለእናንተም።

አንዱ በሂሳብ፣ አንዱ በዓይን

ሁለቱም ጾሞች ከጨረቃ ጋር የተያያዙ ናቸው። ልዩነቱ አቆጣጠራቸው ላይ ነው። የእኛ የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ሰማይ አያዩም፤ ይቆጥራሉ። ለ2016 ዓ.ም. አበቅቴው 20፣ መጥቅዑ 10 ነው። ከዚያ ተነሥተው ጾመ ነነዌ የካቲት 18 ላይ እንደሚውል ያገኛሉ። በዚያ ላይ 14 ቀን ሲጨመር የካቲት 32 ይሆናል፤ የካቲት ደግሞ 30 ቀን ብቻ ስላለው መጋቢት 2 ማለት ነው። ይህን ስሌት ከመቶ ዓመት በፊት የሠራ ደብተራ ቢኖር መልሱ ያው መጋቢት 2 ነው። ደመና ቢሆን፣ አቧራ ቢሆን አይለወጥም።

የሂጅራው ወር ግን በሰማይ ላይ በሚታይ ነገር ነው የሚከፈተው። ከረመዷን በፊት ያለው ወር ሻዕባን ይባላል። ሻዕባን 29 ቀን ሲሞላው፣ በዚያ ቀን ማታ ፀሐይ እንደገባች ሰው ወደ ምዕራብ ያያል። አዲሷ ቀጭን ጨረቃ ወይም ሂላል ከታየች የሚቀጥለው ቀን ረመዷን 1 ነው። ካልታየች፣ ወይም ደመና ከሸፈናት፣ ሻዕባን 30 ይሞላና ረመዷን ከዚያ በኋላ ይገባል። 31 የሚባል ነገር የለም፣ 28ም የለም። ስለዚህ ጥያቄው በየዓመቱ ያችው አንዲት ምሽት ላይ ነው የምትወድቀው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። በሂጅራ አቆጣጠር ቀን የሚጀምረው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። እሑድ ማታ ጨረቃ ከታየች ረመዷን የገባው እሑድ ማታውኑ ነው፤ ለዚህ ነው ተራዊህ የሚሰገደው ከመጀመሪያው የጾም ቀን በፊት ባለው ሌሊት የሆነው። «የሰኞ ሌሊት» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ እኛ እሑድ ማታ የምንለውን ማለቱ ነው። በስልክ ስታወሩ በዚህ ብቻ የተጣላ ሰው አውቃለሁ።

ወሩ ለምን 29 ወይም 30 ሆነ?

ጨረቃ ምድርን ስትዞር በወር አንዴ በእኛና በፀሐይ መካከል ታልፋለች። በዚያን ጊዜ ብርሃን ያረፈበት ጎኗ ወዲያ ወደ ፀሐይ ስለሆነ ለእኛ የሚታይ ነገር የላትም። ይህን ቅጽበት ባለሙያዎች የጨረቃ ልደት ይሉታል። ከአንዱ ልደት እስከ ቀጣዩ በአማካይ 29 ቀን ከ12 ሰዓት ከ44 ደቂቃ ነው። ግማሽ ቀን ቆጥሮ ወር ማድረግ ስለማይቻል አንዱ ወር 29፣ ሌላው 30 ይሆናል።

አሥራ ሁለቱ ወሮች ሲደመሩ 354 ቀን ገደማ ይመጣሉ። ከፀሐይ ዓመት በ11 ቀን ያንሳል። በእኛ አቆጣጠር 12ቱ ወሮች ሠላሳ ሠላሳ ሆነው ጳጉሜን ተጨምራበት ከፀሐይ ጋር እኩል ስለምትሄድ መስከረም ሁሌ ከክረምት ማግስት ነው። ሂጅራ ውስጥ ግን የሚጨመር ነገር የለም። ስለዚህ ረመዷን በየዓመቱ በ10 ወይም በ11 ቀን ወደ ኋላ እየመጣ በ33 ዓመት ገደማ ወቅቶችን ሁሉ ይዞራል። በጅቡቲ ሐምሌ ቃጠሎ ያረፈበት ዓመት ነበር፤ አሁን ወደ ቀዝቃዛው ወቅት እየገባ ነው።

የልደቱን ሰዓት በደቂቃ ማስላት ይቻላል። ለብዙ ዓመት አስቀድሞም ተሰልቷል። ችግሩ ልደት ማለት መታየት ማለት አይደለም። ሕፃን ተወለደ ማለት ደጅ ወጥቶ ታየ ማለት እንዳልሆነ ሁሉ፣ የተወለደች ጨረቃም ለዓይን እስክትበቃ ድረስ ሰዓታት ያስፈልጓታል።

ያን እሑድ ሰማይ ላይ የነበረው

እስቲ የመጋቢት 1ን ማታ እንሥራው። የጨረቃ ልደት የሆነው በእኛ ሰዓት ልክ እኩለ ቀን ላይ፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ግድም ነው። ቡላኦስ ላይ ፀሐይ የጠለቀችው ከምሽቱ 12 ሰዓት ከሩብ አለፍ ብሎ ነው። ስለዚህ ልጆቹ ጣራ ላይ ሲወጡ የጨረቃዋ ዕድሜ 6 ሰዓት ገደማ ነበር።

ጨረቃ በአንድ ሰዓት ውስጥ በሰማይ ላይ የራሷን ወርድ ያህል፣ ግማሽ ዲግሪ ገደማ፣ ከፀሐይ ትርቃለች። ይህን በእጅ መለካት ይቻላል። ክንዳችሁን ቀጥ አድርጋችሁ ዘርጉና ጣታችሁን አቁሙ፤ የአንድ ጣት ውፍረት 2 ዲግሪ ያህል ነው። በዚያች ምሽት ጨረቃና ፀሐይ የተራራቁት 4 ዲግሪ ገደማ፣ ማለትም ሁለት ጣት ብቻ ነበር። ጨረቃዋም ከፀሐይ በኋላ ሩብ ሰዓት ያህል ቆይታ ጠልቃለች።

ሰማይ የሚመለከቱ ባለሙያዎች ለረጅም ጊዜ ያረጋገጡት ነገር አለ። ጨረቃ ከፀሐይ 7 ዲግሪ ያህል፣ ማለትም አራት ጣት ሊሞላ ትንሽ እስኪቀረው ካልራቀች ብርሃኗ በጣም ቀጭን ስለሆነ በዓይን አትለይም። ዕድሜዋም በዓይን ለመታየት ብዙውን ጊዜ ከ15 ሰዓት ማለፍ አለበት። ያን ማታ የነበረው 6 ሰዓትና ሁለት ጣት ነው። ልጆቹ ያላዩት አቧራው ስለሸፈናት ብቻ አልነበረም፤ ሰማዩ እንደ መስታወት ቢጠራም ከቡላኦስ አትታይም ነበር።

ታዲያ ሰኞ እንዴት ተጾመ?

እናትዬዋ ይህን ብትሰማ መጀመሪያ የምትጠይቀው ይሄን ነው። መልሱ ከሰማይ ወጥቶ ወደ ሰው ይመጣል። ወር ገባ ብሎ የሚወስን አካል አለ፤ ሁሉም ደግሞ ምስክርን የሚቀበልበት መንገድ አንድ አይደለም።

ሳዑዲ ውስጥ አየሁ ብሎ የሚመሰክር ሰው ቃሉ ለፍርድ ቤት ይቀርባል፤ የመጨረሻውን የሚያውጀው ከፍተኛው ፍርድ ቤት ነው። ታማኝ ምስክር ከተገኘ ያ ይበቃል። ያን እሑድም የሆነው ይኸው ነው። ብዙ አገሮች ይህን አዋጅ ይቀበላሉ። ኢትዮጵያም የኢትዮጵያ እስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት፣ መጅሊስ የምንለው፣ ረመዷን ሰኞ መጋቢት 2 እንደሚጀምር አስታወቀ። ቡላኦስም በዚያው ሰኞ ጾመ።

ኦማን ሌላ መንገድ ትከተላለች። እዚያ ጨረቃ ልትታይ ትችላለች ወይ የሚለው በሂሳብ ይታያል። ሂሳቡ ፈጽሞ አይቻልም ካለ፣ አየሁ የሚል ቢመጣም ቃሉ ከሰማዩ ጋር ስለማይገጥም አይያዝም። ስለዚህ እሑድ ማታ አልታየችም ተብሎ ሻዕባን 30 ሞላና ጾሙ ማክሰኞ መጋቢት 3 ገባ። እንደ ቱርክ ያሉ አገሮች ደግሞ የዚያን ማታ ምስክር አይጠብቁም፤ ቀኑን አስቀድመው በሂሳብ ያስቀምጡታል።

እንግዲህ ልዩነቱ አንዱ ሃይማኖተኛ፣ ሌላው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። አንዱ «ታማኝ ሰው አይቻለሁ ካለ አምነዋለሁ» ይላል፤ ሌላው «ምስክርነቱ ሊሆን የሚችል ነገር መሆን አለበት» ይላል። ሁለቱም ያቺኑ አንዲት ምሽት ነው የሚመለከቱት።

የአገር ርቀትስ?

ርቀትም የራሱ ሥራ አለው። ሙስካት ከእኛ በስተምሥራቅ ስለሆነች ፀሐይ እዚያ ከጅቡቲ አንድ ሰዓት ያህል ቀድማ ትጠልቃለች። ስለዚህ ኦማኖች ሲመለከቱ ጨረቃዋ ከእኛዋ በአንድ ሰዓት ታንሳለች። ወደ ምዕራብ በሄድን ቁጥር ፀሐይ ዘግይታ ስለምትጠልቅ ጨረቃ ዕድሜ ትጨምራለች። በዚህ ምክንያት አዲስ ጨረቃ ብዙ ጊዜ ለምሥራቁ ሳትታይ ለምዕራቡ ልትታይ ትችላለች። ሁለቱም ዋሾ አይደሉም።

እዚህ ላይ ሌላ ጥያቄ ይነሣል። አንድ አገር ከታየች ለሁሉም ትበቃለች ወይስ እያንዳንዱ አገር የራሱን ማየት አለበት? ይህ ዛሬ ስልክ ከመጣ በኋላ የተፈጠረ ጭቅጭቅ አይደለም። ሼኹ የነገሩኝን አንድ ታሪክ ልንገራችሁ፤ ሶሒሕ ሙስሊም በሚባለው የሐዲስ መጽሐፍ ውስጥ ያለ ነው።

ኩረይብ የሚባል ሰው ከመዲና ለመልእክት ወደ ሻም ተላከ። ሻም የዛሬዋ ሶርያ አካባቢ ናት። እዚያ ሳለ ረመዷን ገባ፤ ጨረቃዋንም በዓይኑ አየ፤ የሻም ሰዎችም ገዢው ሙዓዊያም ጾሙ። ወሩ ሊያልቅ ሲል ወደ መዲና ተመለሰ። ኢብኑ ዐባስ «ጨረቃዋን መቼ አያችኋት?» ብለው ጠየቁት። ነገራቸው። የመዲና ሰዎች ግን ያዩት ከዚያ በአንድ ሌሊት ዘግይተው ነበር። ኩረይብ የሙዓዊያ ማየትና መጾም አይበቃችሁም ወይ ሲላቸው፣ አይበቃንም፣ እኛ ባየነው ቆጥረን 30 እንሞላለን ወይም እናያታለን አሉት።

በዚህ ታሪክ ላይ የሚደገፉ ዑለማዎች፣ በተለይ በሻፊዒ መዝሀብ ውስጥ ያሉ ብዙዎቹ፣ ሩቅ አገር ለራሱ ይይ ይላሉ። ጅቡቲ ውስጥ ያሉት ሱማሌዎችና ዓፋሮች ሻፊዒዎች ናቸው። በሐነፊ መዝሀብ የታወቀው አቋም ደግሞ አንድ ቦታ በትክክል ከታየች ለሁሉም ናት የሚለው ነው። ወሎ ውስጥ ሁለቱም መዝሀቦች አሉ። የአንድ ካምፕ ሰው ከሁለቱም ወገን መጥቶ በአንድ ድንኳን ሲቀመጥ ክርክሩ አብሮት መምጣቱ አይገርምም።

እኔን የነካኝ ግን ኩረይብ ራሱ ነው። ሰውዬው እንደ እኛ በሁለት አገር መካከል ነው ያለው። በአንዱ አገር ጾም ጀምሮ በሌላው ሊጨርስ ነው። የሼኹ መልስ እንዲህ ነው፦ ሰው ያለበት አገር ሰዎች ሲያፈጥሩ ያፈጥራል። በመንገዱ ምክንያት 28 ቀን ብቻ ከሆነለት ከዒድ በኋላ አንድ ቀን ቀዷ ያወጣል፤ ምክንያቱም ወር ከ29 አያንስም። 31 ከሆነበትም ከሰዎቹ ጋር አብሮ ይጾማል። ከየመን ኦቦክ ለወረደ፣ ወይም በረመዷን መካከል ድንበር ለተሻገረ ሰው ይህ የወሬ ጉዳይ አይደለም። እንደዚህ ያጋጠመው ሰው ግን የራሱን ኢማም ይጠይቅ፤ እኔ አስተማሪ እንጂ ሙፍቲ አይደለሁም።

የሙስካቷ ልጅ ሂሳብ

አሁን ወደ እናትዬዋ ጥያቄ እንመለስ። ልጅቷ አንድ ቀን ተበላባት ወይ?

የሚቀጥለው የጨረቃ ልደት ሰኞ መጋቢት 30 ቀን 2016፣ በእኛ ሰዓት ከምሽቱ 3 ሰዓት አለፍ ብሎ ነበር። ይህን ማንም ሊክደው አይችልም፤ በዚያው ሰዓት ሰሜን አሜሪካ ላይ ጨረቃ ፀሐይን ሙሉ በሙሉ ስትጋርዳት ዓለም ሁሉ አይቷል። የፀሐይ ግርዶሽ ማለት የጨረቃ ልደት በዓይን ሲታይ ማለት ነው።

ያ ሰኞ ሰኞ ለጀመሩት የረመዷን 29 ነበር። ፀሐይ ስትጠልቅ ጨረቃ ገና አልተወለደችም። ስለዚህ 30 ሞሉና ማክሰኞንም ጾሙ። ለኦማን ደግሞ 29ኛው ቀን ማክሰኞ ሚያዝያ 1 ነው። በዚያች ማታ ጨረቃዋ 20 ሰዓት ገደማ ሞልቷት ነበርና ታየች። ዒድ ለሁለቱም ረቡዕ ሚያዝያ 2 ሆነ። እናት 30 ቀን ጾመች፣ ልጅ 29 ቀን ጾመች፣ ዒዱን በአንድ ቀን በስልክ እንኳን አደረሰሽ ተባባሉ። 29ም ሙሉ ወር ነው፣ 30ም ሙሉ ወር ነው። የተበላ ቀን የለም።

ሁልጊዜ ግን እንደዚህ አይገጥምም። በሚቀጥለው ዓመት፣ ዓርብ የካቲት 21 ቀን 2017 ማታ፣ ጨረቃዋ 14 ሰዓት ተኩል ገደማ ነበራት፤ ከፀሐይ የራቀችውም አራት ጣት ያህል ነው። ሳዑዲም፣ ኢትዮጵያም፣ ኦማንም ቅዳሜ የካቲት 22 አብረው ጀመሩ። መጨረሻው ላይ ተለያዩ። ቅዳሜ መጋቢት 20 የጨረቃ ልደት ከቀኑ 8 ሰዓት ግድም ሆነ፤ ማታ ላይ ሁለት ጣት እንኳ አልሞላችም። ሳዑዲ ታየች ብላ እሑድ መጋቢት 21 ዒድ ሆነ፤ ኢትዮጵያም እንዲሁ። ኦማንና ግብፅ አልታየችም ብለው 30 ሞልተው ሰኞ አደረጉት። እንግዲህ አንድ ሕግ ማውጣት ትችላላችሁ፦ በ29ኛው ቀን የጨረቃ ልደት ከሰዓት በኋላ ወይም እኩለ ቀን ላይ ከዋለ አገሮች ሊለያዩ እንደሚችሉ ቀድማችሁ ጠብቁ። ከዋዜማው ማታ ወይም ከዚያ በፊት ከሆነ ግን ብዙውን ጊዜ ይስማማሉ።

ካምፕ ውስጥ ለሚያይ ሰው

ልጆች ጨረቃ አየን እያሉ ሲሮጡ እንዴት ማጣራት ይቻላል? ከተማሪዎቼ ጋር የምንጠቀምባቸው ጥቂት ነገሮች አሉ።

አንደኛ፣ በ29ኛው ቀን ጎሕ ሲቀድ ወደ ምሥራቅ እዩ። ፀሐይ ሳትወጣ አሮጌዋ ቀጭን ጨረቃ እዚያ ካለች፣ ገና ፀሐይን አላለፈችም ማለት ነው። ማለዳ በምሥራቅ የታየች ጨረቃ ያኑ ዕለት ማታ በምዕራብ አትታይም። ይህ ያለ ምንም መሣሪያ የሚሠራ ፈተና ነው።

ሁለተኛ፣ ማታ ፀሐይ የገባችበትን ቦታ በአንድ ምልክት፣ በቋጥኝ ወይም በእንጨት ያዙ። አዲሷ ጨረቃ ከዚያ አካባቢ በላይ ነው የምትሆነው፣ ሩቅ አትሄድም። በእኛ አገር ሰማይ ላይ እንደ ጀልባ ጋደም ትላለች፤ ብርሃኗ ወደ ታች፣ ፀሐይ ወደገባችበት ነው። ጀርባዋን ለፀሐይ የሰጠች «ጨረቃ» የደመና ጠርዝ ወይም የአውሮፕላን ጭስ ናት። በየካቲት 2017 ቬነስ የምትባለው ፕላኔት በዚያው በምዕራብ እንደ ፋኖስ ታበራ ስለነበር ብዙ ልጆች እሷን ነበር የሚያሳዩኝ።

ሦስተኛ፣ በማግስቱ «ይህቺ ወፍራም ናት፣ የሁለተኛ ቀን ጨረቃ ናት፣ አንድ ቀን አለፈን» የሚል ሰው አይጠፋም። ውፍረቷ ማስረጃ አይሆንም። መጋቢት 1 ማታ 6 ሰዓት የነበራት ጨረቃ መጋቢት 2 ማታ 30 ሰዓት ሆኗታል፤ ወፍራም ሆና፣ ከፍ ብላ፣ ለሁሉም ታየች። ሆኖም እሑድ በዓይን አትታይም ነበር። አንዴ ያልታየች ጨረቃ በማግስቱ ትልቅ መሆኗ የግድ ነው።

አራተኛ፣ ስልካችሁ ላይ ያለው የሂጅራ ቀን በሂሳብ የተሠራ ነው። ብዙ ስልኮች የሚከተሉት ኡሙል ቁራ የሚባለውን የሳዑዲን የመሥሪያ ቤት አቆጣጠር ነው። ያ አቆጣጠር የሚጠይቀው ጨረቃ ከፀሐይ መጥለቅ በፊት መወለዷንና መካ ላይ ከፀሐይ በኋላ መጥለቋን ብቻ ነው፤ መታየቷን አይጠይቅም። ስለዚህ ስልክ ረመዷን 1 ስላለ ብቻ ታውጇል ማለት አይደለም።

የመጨረሻው የዜና መዘግየት ነው። ኔትወርክ በሌለበት ካምፕ አዋጁ ሌሊት ሳይደርስ ይቀርና ሰው ቁርሱን በልቶ ይሰማል። አንድ ተማሪዬ እንዲህ ሆኖበት ቀኑን ሙሉ አልቅሷል። ሼኹ የነገሩት ብዙዎቹ ዑለማዎች የሚሉትን ነው፦ ከሰማህበት ሰዓት ጀምረህ እስከ መግሪብ ያዝ፣ ከዒድ በኋላ አንድ ቀን ቀዷ አውጣ፤ ሳታውቅ ስለበላህ ኃጢአት የለብህም። ልጁ ያን ቀን በሸዋል ወር ጾሞ ጨረሰ።

ቡላኦስ ስመለስ ለእናትዬዋ በጣቶቼ ለካሁላት። ሁለት ጣት፣ አራት ጣት። ሰምታኝ ሰምታኝ፣ «አይ እንግዲህ፣ ልጄም አልተበላባት፣ እኛም አልቸኮልንም» አለችና ወደ ሙስካት ደወለች።